የዓሦቹ አለቃ ማነው?

በበጋ፣ ውኃው ጠርቶ ፍሰቱ ሲቀንስ፣ በግልገል በለስ ወንዝ ዳር ጥቂት የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይነሣም። ጣት የማያክሉ ዓሦች በመቶ እየሆኑ ከጥልቁ ውኃ ዳር ይሰበሰባሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጥጠው ይዋኛሉ። ድንገት፣ ጥላም ይሁን የቅጠል ኮሽታ ምን እንዳስደነገጣቸው ሳይታወቅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታጠፋሉ። ጎናቸው እንደ መስታወት ብልጭ ይልና መንጋው በሌላ አቅጣጫ ጉዞውን ይቀጥላል። አልተጋጩም፣ አልተረጋገጡም፣ ከኋላ የቀረም የለም።

ለሠላሳ ዓመት ያህል ባዮሎጂ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ተማሪ አልነበረም። ያነሣችው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ናት። «እማማ፣ ማነው ታጠፉ የሚላቸው?» አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ጎረቤታችን ቀደሙኝ። እኚህ ጎረቤት የጉሙዝ ሽማግሌ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዚህ ወንዝ ዓሣ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «አለቃ አላቸው፤ እኛ አናየውም እንጂ እነሱ ያዩታል» አሏት። ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እስቲ አብረን እንየው» ብያቸው ነገሩ በዚያ ተጀመረ።

መጀመሪያ ያጣራነው «በአንድ ጊዜ» የምንለው ነገር እውነት መሆኑን ነው። የልጄ ባል ስልክ ነገሮችን አዘግይቶ የሚያሳይ፣ ስሎው ሞሽን የሚሉት አቀራረጽ አለው። ተራ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ነጠላ ምስል ሲያነሣ፣ ይህኛው 240 ያነሣል። ፀሐይ አናት ላይ በሆነችበት ሰዓት፣ የውኃው ነጸብራቅ እንዳያስቸግረን ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነን ቀረጽን። ልጅቱ ትንሽ ጠጠር ከመንጋው በስተግራ ትጥላለች፤ እኔ ስልኩን ይዤ እቆማለሁ። ከስድስት ሙከራ ጥርት ያለ የወጣው ሁለቱ ብቻ ነው። ቤት ገብተን ምስሎቹን አንድ በአንድ ስንገፋቸው በዓይናችን ያየነው ነገር ፈረሰ።

በአንድ ጊዜ አልታጠፉም። ጠጠሩ በወደቀበት በኩል ያሉት ሁለት ሦስት ዓሦች ቀድመው ሰውነታቸውን እንደ ቀለበት ግማሽ አጎበጡ። ቀጥሎ አጠገባቸው ያሉት፣ ከዚያ የእነዚያ ጎረቤቶች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ ተላለፈ። ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲሄድ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ ነው። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ዓሣ ልጅቱ 70 ያህል ምስል ቆጠረች። 70 ለ240 ሲካፈል ከሰከንድ ሲሶ ያንሳል። ሰው አንድ ነገር ድንገት አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ ብቻ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ የእኛ ዓይን «አንድ ነገር ተፈጠረ» ብሎ እስኪነቃ ድረስ መንጋው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ተራውን አናየውም፤ የምናየው መጨረሻውን ነው።

ዓሣ እንዲህ የሚፈጥነው ለማምለጥ ብቻ የተሠራ አቋራጭ ስላለው ነው። በኋላ አንጎሉ ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ግዙፍ የነርቭ ሴሎች አሉ፤ ማውትነር ሴል ይባላሉ። በአንድ በኩል ያለው ሲነቃ በተቃራኒው ጎን ያለውን ጡንቻ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያኮማትራል። ዓሣዋ ትጎብጥና ከአደጋው ርቃ ትወረወራለች። ከድንጋጤው እስከ እንቅስቃሴው የሚያልፈው ጊዜ የሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ለዚህም ነው ድንጋጤው በመንጋው ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት አንዲቷ ዓሣ ከምትዋኝበት ፍጥነት የሚበልጠው፤ ወፏ ከመድረሷ በፊት ወሬዋ ይደርሳል።

ልጅቱ ግን አልረካችም። «እሺ፣ የመጀመሪያዋ ጠጠሩን አየች። በቀኝ ዳር ያለችውስ? መቶ ዓሣ ጋርዷት እንዴት አወቀች?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው ወጥ ቤት ነው።

ዓሣ የምትጠርጉ እናቶች ይህን መስመር ታውቁታላችሁ። ቅርፊቱን ከመፋቃችሁ በፊት የነጭ ዓሣን ጎን ተመልከቱ፤ ከጆሮ ክዳኑ እስከ ጭራው ድረስ በመርፌ የተወጋ የሚመስል የነጠብጣብ መስመር አለ። ቀረሶ ላይ ደግሞ መስመሩ መሐል ላይ ይቋረጥና ዝቅ ብሎ ወደ ጭራው ይቀጥላል። እኔም አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ ሥዕሉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ፣ እቤቴ ግን በቢላ ፍቄ እጥለው ነበር። የጎን መስመር ይባላል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቀዳዳ ነው፤ ከሥሩ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ጸጉር መሰል ሴሎች አሉ፣ በእኛ የውስጥ ጆሮ ካሉት ጋር የሚመሳሰሉ። ውኃ ሲገፋቸው ይተኛሉ፣ ሲተኙም ለአንጎል ይናገራሉ። ጎረቤት ዓሣ ጭራዋን በመታች ቁጥር ውኃው ይገፋል፤ ያቺም ሳታያት ትሰማታለች። ይሁንና የሚሠራው ለቅርብ ብቻ ነው፤ የራሷን ቁመት አንድ ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት። ከዚያ ያለፈውን ዓይን ይይዘዋል።

የሁለቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ አንድ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሰይዝ የሚባለውን የባሕር ዓሣ ዓይን ለጊዜው ሸፈኑና ከጓደኞቹ ጋር ለቀቁት። ዕውሩ ዓሣ ከመንጋው ጋር እኩል ዋኘ። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ዓይናቸውን ሸፍነው የጎን መስመሩንም ነርቭ ሲቆርጡት መንጋውን መከተል አቃታቸው። ስለዚህ ዳር ያለችው ዓሣ ጠጠሩን ማወቅ አያስፈልጋትም። እሷ የምታውቀው አጠገቧ ያሉትን ጥቂት ዓሦች ነው፦ በጣም ሲጠጉ ትሸሻለች፣ ሲርቁ ትጠጋለች፣ ሲፈጥኑ ትፈጥናለች። መንጋው በሙሉ በዚህች ጥቂት ሥራ ይሄዳል። እውነት ለመናገር ለዘመናት ሰዎች ይህን ማመን አቅቷቸው ነበር፤ ኤድመንድ ሴሎስ የተባለ እንግሊዛዊ ወፍ ተመልካች እ.ኤ.አ. በ1931 ወፎች በሐሳብ እየተላላኩ ነው ወይ የሚል መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። የጎረቤቴ «አለቃ» ከዚህ ይሻላል።

አሁን አስቸጋሪው ነገር መጣ። ሁሉም ጎረቤቱን የሚከተል ከሆነ አንዲት ፈሪ ዓሣ መንጋውን ቀኑን ሙሉ ስታራውጠው መዋል ነበረባት። ዓሣ በቅጠልም በአረፋም ይደነግጣል። በተራወጠ ቁጥር ደግሞ ምግቡን ይተዋል፣ ጉልበቱን ያባክናል። ቪዲዮዋችንን ደጋግመን ስናይ ይህም ተገኘ፤ ጠጠሩ ከመውደቁ በፊት አንዲት ዓሣ ሁለት ጊዜ ብቻዋን ፈንጠር ብላለች። አጠገቧ ያሉት ትንሽ ነቅነቅ አሉና ተዉት። ማንም አልተከተላትም።

አሽሊ ዋርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ስቲክልባክ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ የሚመስሉ አሻንጉሊቶች ሠርተው ውኃ ውስጥ በክር ጎተቱ። መንገዱ ላይ ትልቅ በላተኛ ዓሣ የሚመስል ሌላ አሻንጉሊት አስቀመጡ። አንዲት ዓሣ ብቻዋን ስትሆን አሻንጉሊቷን ተከትላ በአደገኛው ፊት እስከ ማለፍ ደረሰች። አራትና ስምንት ሲሆኑ ግን አንዲት አሻንጉሊት አላሳመነቻቸውም። ሁለት ሦስት አሻንጉሊቶች አብረው ሲሄዱ ነው የተከተሉት። አንዱ ቢሳሳት የተለመደ ነው፤ ሦስቱ በየራሳቸው ዓይተው አንድ ዓይነት ስሕተት የመሥራታቸው ዕድል ግን አነስተኛ ነው። ከጠጠሩ አጠገብ የነበሩት ሁለት ሦስቱ እኩል ስለጎበጡ ነው ወሬው ያለፈው። ብቻዋን የፈነጠረችው አላሳለፈችውም።

ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና «መምህርት፣ ታዲያ ወደ ምግብ ሲሄዱስ? ዝም ብለው አይዞሩም፤ የሚሄዱበትን የሚያውቅ አለ» አሉ። ልክ ናቸው። ድንጋጤ አንድ ነገር ነው፤ ጉዞ ሌላ ነው።

ኤሪክ ፎን ሆልስት የተባለ ጀርመናዊ ያደረገው ሙከራ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ኮንራድ ሎሬንዝ በመጽሐፉ ስላወራው ታዋቂ ሆኗል። ሚኖ ከምትባል ትንሽ ዓሣ የፊት አንጎሏን አወጣ። ዓሣዋ ታያለች፣ ትበላለች፣ ትዋኛለች፤ የጠፋባት ለጓደኞቿ ማሰብ ነው። ሌላ ጤነኛ ዓሣ ከመንጋው ሲለይ ማንም እንዳልተከተለው ሲያውቅ ይመለሳል። ያቺ ግን ወደ ኋላ አታይም፤ ወደ ፈለገችበት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መንጋውም ተከተላት። በዚያ ውኃ ውስጥ የመሪነት ቦታ የያዘችው ግማሽ አንጎል የሌላት ዓሣ ናት! ጎረቤቴ በዚህ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ነበር። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም።

ጤነኛዋ ዓሣም የምታውቀው ነገር ካለ ትመራለች፤ መሪ መሆኗን ግን ሌሎቹ አያውቁም። ይህን ለልጆቹ በቃል ማስረዳት ስላልሆነልኝ ቅዳሜ ዕለት ከማንጎው ሥር የሠፈሩን ልጆች ሰበሰብሁ፤ አሥራ አራት ነበሩ። ሕጉ ሦስት ነው፦ አትናገሩ፣ በእጅ አትጠቁሙ፣ ከጓደኛችሁ ከአንድ ክንድ በላይ አትራቁ። ለሦስቱ ብቻ በጆሯቸው «ከጓደኞቻችሁ ሳትለዩ ወደ አጥሩ በር ሂዱ» አልኋቸው። ሌሎቹ ምንም አያውቁም። መጀመሪያ ጥቂት ተሽከረከሩ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አሥራ አራቱም በሩ ጋ ነበሩ። «ማነው የመራችሁ?» ስል ተጣሉ፤ ምንም ያልተነገረውን አንድ ረጅም ልጅ አብዛኞቹ መረጡት። የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህንኑ በአዋቂዎች ሞክረውት ነበር፤ በ200 ሰው መካከል አቅጣጫው የተነገራቸው 10 ያህል ሰዎች ሌላውን ሁሉ ይዘውት ሄደዋል።

ሁለተኛ ዙር ላይ አበላሸሁት፤ ያውም ሆን ብዬ። ለሁለቱ በሩን፣ ለሌሎች ሁለት ደግሞ ተቃራኒ ያለውን የውኃ በርሜል ነገርኋቸው። ቡድኑ እንደ ሊጥ ተለጠጠ፤ መሐል ያሉት ወዲህና ወዲያ እያሉ ቆዩና ከሁለት ተቆረጠ። «ዓሦቹም እንዲህ ይለያያሉ?» አለች የልጅ ልጄ። አዎ፣ ይለያያሉ። ወንዝ ዳር ብዙ የቆየ ሰው አንዱ መንጋ ሁለት ሲሆን፣ ቆይቶም ሲቀላቀል ያያል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ነገሩ ቤታችን የገባው በሰኔ ነው።

የልጄ ባል ከሥራው በተጨማሪ ዓሣ ያወጣል። ክረምቱ ሲገባ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ ናይለን መረብ ገዝቶ መጣ። ገንዘቡን ተበድሮ ነው የገዛው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ነጭ ዓሣ ዝናቡ ሲጥል ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ተሰብስቦ ይገኛል። ጎረቤታችን መረቡን በጣታቸው ዳስሰው ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። እሳቸው የሚያጠምዱት በመንጠቆ ነው።

እኔም ለአማቼ የነገርሁት ይህን ያህል ቀን ስናየው የከረምነውን ነው። የዓሣ መንጋ የተሠራው እያነጣጠረ ለሚበላ ጠላት ነው። ወፏም ትልቁም ዓሣ አንዲቷን መርጠው መከተል አለባቸው፤ መቶ የሚመሳሰሉ ጎኖች ፊታቸው ሲብለጨለጩ ዓይናቸው ይምታታል። መረብ ግን አይመርጥም፣ አይምታታምም። የመጀመሪያዋ ዓሣ ስትነካው ትደነግጣለች፤ ድንጋጤዋም በሰከንድ ሲሶ ውስጥ ለሁሉም ይደርሳል፣ ግን የሚሸሹበት ቦታ የለም። በወፍ ፊት የሚያድናቸው መጠጋጋት በመረብ ፊት በአንድ ጊዜ ያስይዛቸዋል። ወደ መራቢያቸው ሲወጡ ደግሞ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሆኑ ይብሳል።

«እማዬ፣ ይሄ በመጽሐፍ ነው» አለኝ። በመጽሐፍ ብቻ ስላልሆነ የጣናን ነገርሁት። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ከዚያ በፊት ዓሣ የሚወጣው በደንገል ታንኳ ነበር። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት እንደ ርብና ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥማጁም መረቡን እዚያው ዘረጋው። መጀመሪያ ጀልባው ሞልቶ ይመለስ ነበር። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች በተከታታይ ሲለኩት ግን ያደገው ነጭ ዓሣ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሩብ ወርዶ ተገኘ። ዓሣ አጥማጁ ይህን ቶሎ የማያውቀው በመንጋው ጠባይ ነው። ዓሦቹ ሲቀንሱ ተበታትነው አይቀሩም፤ የቀሩትም ይሰበሰባሉ። ስለዚህ መረቡን የጣለ ሰው በተሰበሰቡበት ቦታ ሁልጊዜ ያገኛቸዋል፣ ወንዙ ሙሉ እንደሆነም ያስባል። መቀነሱን የሚያሳየው የተያዘው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የዓሣው መጠን እያነሰ መሄዱ፣ በአንድ ቀን ለማግኘትም ከበፊቱ ብዙ ቦታ መዞር ማስፈለጉ ነው።

አማቼ መልስ አልሰጠኝም፤ ዕዳ ያለበት ሰው ነውና አልፈረድሁበትም። ከሁለት ቀን በኋላ ጎረቤታችን ጋ ሄዶ ማታውን ሙሉ ሲያወሩ አመሹ። መረቡን ዓይኑ ሰፋ ባለ ለወጠው፤ ገንዘብ ጨምሮ። ሐምሌና ነሐሴን አልዘረጋም፤ በጥቅምት ዋናው ወንዝ ላይ፣ ከወንዙ ግማሽ ሳያልፍ ዘረጋ። የያዘው ካሰበው ያነሰ ነው። ዕዳውም ገና አላለቀም፤ ሴት ልጄ በዚህ ጉዳይ እስካሁን ታኮርፈኛለች።

ጎረቤታችን ስለ አለቃው ሐሳባቸውን አልለወጡም። «አለቃው ይለዋወጣል አልሽ እንጂ የለም አላልሽም» ይሉኛል። ቪዲዮውን ካዩ በኋላ ግን አንድ ነገር አሳዩን። አመሻሽ ላይ፣ ብርሃኑ ሲደክም ወንዙ ዳር ይዘውን ወረዱ። ቀን ሙሉ ተጠጋግቶ የነበረው መንጋ ቀስ በቀስ ላላ። አንዷ ወደ ድንጋይ ሥር፣ ሌላዋ ወደ ሣሩ፣ ሁሉም በየፊናው ሆነ። የልጅ ልጄ ጠጠር ጣለች፤ አጠገቡ ያለችው አንዲት ብቻ ፈነጠረች።

«ዓይናቸው ማየት ሲያቆም ይለያያሉ» አሉ ሽማግሌው፤ «ይህን ያወቅሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው።»